ምዕራፍ 6፦ በሰው አፍ መናገር

«ለገጹ ስንት ነው የምታስከፍይው?»

ጋሼ ከሰላምታ ቀጥለው ያነሡት ይህንን ነው። ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ጎን ካለች ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል፤ ከግድግዳው ወዲያ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ያጓራል። ጥያቄያቸው የመጣው ከዚያው ከግድግዳው ወዲያ ነው። ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ያስጻፈ ሰው የሚከፍለው በገጽ ነው፤ እኔም የምጽፍ ሰው ነኝ፤ እንግዲያው በገጽ ልከፈል ነው። ለድርጅታቸው 25ኛ ዓመት በዓል ስምንት ደቂቃ የሚሆን ንግግር ፈልገዋል። ስምንት ደቂቃ ሦስት ገጽ ገደማ ነው። ዋጋውን ስነግራቸው የያዙትን ስኒ መልሰው አስቀመጡት።

ወደ ዋጋው እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ከዚህ በታች የማወራላችሁን ሰው የሚያስይዙ ነገሮች ቀይሬያለሁ። ታሪኩን ለማተም ፈቃዳቸውን ጠይቄ «ስሜ ካልተነሣ ምን ቸገረኝ» ብለውኛል። እንደ ነበረ የተውኩት የሥራውን አካሄድ ነው።

ለሌላ ሰው ጽፎ ስሙን የማያወጣውን ሰው አንዳንዶች «ጥላ ጸሐፊ» ይሉታል። እንግሊዝኛው «መንፈስ» ነው የሚለው፤ በእኛ አገር ግን ከመንፈስ ጋር የሚያያዘው ጽሑፍ ክታብ ስለሆነ ጥላው ይሻላል። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው በቤተ መንግሥታችን የተከበረ ማዕረግ ነበር። በድሮው ሥርዓት ንጉሡ በአደባባይ የሚናገረው በራሱ አፍ ሳይሆን በአፈ ንጉሡ በኩል ነበር፤ ማዕረጉ ወደ ዳኝነት የዞረው በኋላ ነው። ጸሐፌ ትእዛዙ ደግሞ ማኅተም ያዥና ቃል አስፋሪ ነው። የዳግማዊ ምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሩ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው እስከ 1947 ዓ.ም. ከዙፋኑ ቀጥሎ የሚፈራ ሥልጣን ይዘው ቆይተዋል። ለሰው መጻፍ ያኔ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ሹመት ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ያኔ ቃሉ የንጉሡ፣ አፉ የሌላ ሰው ነበር። ዛሬ ተገልብጧል፤ አፉ የባለቤቱ ነው፣ ቃሉን የሚያሰናዳው ሌላ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው፣ የኢጣልያ ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው፣ በአማርኛ ያሰሙት ንግግር መካከል ላይ የቆመ ነው። ረቂቁን በማሰናዳት ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ሎሬንዞ ታእዛዝ ናቸው፤ ከአከለ ጉዛይ ተነሥተው በፈረንሳይ አገር ሞንፔልዬ ሕግ የተማሩ ሰው። ንግግሩን የሚያውቅ ሺህ ከሆነ ሎሬንዞን የሚያውቅ አሥር አይሞላም። ሎሬንዞ ተበደሉ? እኔ አይመስለኝም። ያንን ቃል በዚያ ቀን ክብደት የሰጠው አገሩን የተነጠቀ ንጉሥ መናገሩ ነው። ያው ቃል በአማካሪ አፍ ቢነገር ማስታወሻ ሆኖ መዝገብ ቤት ይቀር ነበር።

ወደ ጋሼ ልመለስ። የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ከሸፈ፤ ያከሸፍኩትም እኔ ነኝ። ለመቅዳት አስፈቅጄ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «በዚህ በዓል ማስተላለፍ የሚፈልጉት መልእክት ምንድን ነው?» አልኳቸው። «መልእክት» የሚሉት ቃል ሰውን ቀጥ አድርጎ ካሜራ ፊት ያቆመዋል። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ድርጅታችን ባለፉት ዓመታት ለበርካታ ዜጎች የሥራ ዕድል ከመፍጠሩም ባሻገር…» ብለው ጀመሩ። አርባ ደቂቃ ቀዳሁ። ቤቴ ገብቼ ሳዳምጠው የማንም ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካም፣ የመድኃኒት አስመጪም።

ሁለተኛውን ጊዜ ወርክሾፓቸው ሄድኩ። እንበልና እንጨት ሥራ ነው። መጋዙ እስኪቆም ጠብቄ ስለ በዓሉ ምንም ሳላነሣ «ሠርተው ካስረከቡ በኋላ የተመለሰብዎት የመጀመሪያው ዕቃ ምን ነበር?» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ አወሩ።

ቁም ሣጥን ነው። ነሐሴ ላይ፣ በደንብ ባልደረቀ የዋንዛ ጣውላ ሠርተው ለአንዲት አስተማሪ አስረክበዋል። ታኅሣሥ ላይ ጣውላው ሲደርቅ ተኮማትሮ ተጣመመና በሩ አልገጥም አለ። ሴትዮዋ በጋሪ አስጭና መጣች። «አልተቆጣችም እኮ» አሉ ጋሼ፣ «‹በሩ አልዘጋ ብሎኝ ልብሴን ጎረቤት ሁሉ አየው› ነው ያለችኝ። እንግዲህ ልበል… ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።» ብስክሌታቸውን ሸጠው ደረቅ ጣውላ ገዙና እንደ አዲስ ሠሩላት። «ከዚያ ወዲህ ጣውላ ሳላንኳኳ ገዝቼ አላውቅም» አሉና አጠገባቸው የተደገፈውን ሳንቃ በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረጉት። እርጥቡና ደረቁ ድምፃቸው አንድ አይደለም።

ንግግሩ ተገኘ። ሃሳብ ስትጠይቀው ሰው ከጋዜጣና ከስብሰባ የለቃቀመውን ይመልስልሃል፤ የሆነ ነገር ስትጠይቀው የራሱን ይሰጥሃል። ለዚህ የማዘጋጃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ቦታ፣ ዕቃ ወይም ገንዘብ አለባቸው። የመጀመሪያውን ደመወዝ የከፈሉት ለማን ነው? ከየት አምጥተው? ያን ቀን ማን አብሮዎት ነበር? አንዳንዱ ባለጉዳይ ግን በምንም ጥያቄ አይያዝም። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመውን የዶናልድ ትራምፕ መጽሐፍ የጻፈው ቶኒ ሽዋርትዝ ሰውየው ለቃለ መጠይቅ አልቀመጥ ስላለው፣ በፈቃዱ፣ የስልክ ንግግሮቹን በሌላ መስመር ሆኖ እያዳመጠ ነበር መጽሐፉን የጨረሰው። ሐዋሳ ላይ ያን ያህል አልደረስኩም፤ መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ግን ብዙ ሰምቻለሁ።

ከቅጂው የምለቅመው ታሪኩን ብቻ አይደለም፤ አነጋገሩንም ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል በሚሆነው ቅጂ ውስጥ ጋሼ «ስኬት» የሚለውን ቃል በራሳቸው ወሬ አንዴም አላነሡትም። ስለዚህ ንግግሩ ውስጥ አይገባም። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ «እንግዲህ ልበል» ይላሉ፤ እሱ ሁለት ቦታ ገባ። ሠራተኛን «ልጆቹ» እንጂ «የሰው ኃይል» አይሉም። አድማጩ ሚስት፣ ልጅ፣ ፎርማን ነው፤ ሰውየውን ሃያ ዓመት የሰማ ጆሮ አንድ የተዋሰ ቃል ሲገባ ወዲያው ይነቃል። ቅጂውን ራሴ አዳምጬ ራሴ የምገለብጠውም ለዚህ ነው። የአንድ ሰዓት ቅጂ ሦስት ሰዓት ከዚያም በላይ ይበላል፤ ለሌላ ሰው ሰጥቼው ብገላገል ደስ ባለኝ፣ ግን ትንፋሹ፣ ዝም ያሉበት ቦታ፣ የሳቁበት ቦታ ወረቀት ላይ አይመጣም። ምስጢሩም አንድ ጆሮ ይጨምራል።

ስለ ልኩ ላንሣ። በእኔ ሰዓት ስለካው፣ ረጋ ብሎ የሚያነብ የአማርኛ ተናጋሪ በደቂቃ ከ85 እስከ 100 ቃል ይሄዳል። እንግሊዝኛ ከዚያ ይበልጣል፤ እኛ አንድ ቃል ላይ የምንሸክፈውን እነሱ በአራት ይከፋፍሉታል። ለስምንት ደቂቃ 720 ቃል ጻፍኩ፣ ለጭብጨባና ለክብር እንግዶች ስም ዝርዝር ቦታ ትቼ። ያ ዝርዝር ሁልጊዜ ባለቀ ሰዓት ይረዝማል።

ሌላው የአማርኛ ችግር ግሡ ነው። በቋንቋችን ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አንባቢ ዓይኑን ወደ ኋላ መመለስ ይችላል፣ አድማጭ ግን አይችልም። ለጋሼ ከድርጅቱ ጸሐፊ በተሰጣቸው የድሮ ንግግር ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር 61 ቃል ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ «ሲሆን»፣ «በመሆኑም»፣ «እንደመሆኑ መጠን» እያለ እየተቀጣጠለ ሄዶ መጨረሻ ላይ «ይታወቃል» ይላል። እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚታወቅ ማንም አያስታውስም፤ ተናጋሪውም ትንፋሽ አልቆበታል። ለመድረክ ስጽፍ ከ15 ቃል በላይ የሆነን ዓረፍተ ነገር እቆርጠዋለሁ። ለዓይን የተቆራረጠ ይመስላል፤ ደንበኛም «ይሄ የሕፃን ጽሑፍ አይመስልም?» ይለኛል። ድምፅህን አውጥተህ አንብበው እለዋለሁ።

ጋሼንም ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡ አደረግኩ፤ ያንን ባላደርግ ኖሮ በበዓሉ ቀን ውርደቱ የእኔ ነበር። ማታ፣ ሠራተኛ ከወጣ በኋላ፣ ወርክሾፑ ውስጥ ቆመው ያነብባሉ፤ ፎርማናቸው ጣውላ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። አምስተኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ ጽፌ ነበር፦ «በዚህ ቤት ሠራተኛ ይሰማል።» የሠራተኛ ድምፅ ዋጋ አለው ማለቴ ነው። ጋሼ ሲያነቡት ግን «ሰ»ንም «ማ»ንም አላሉና ሠራተኛ አለቃውን የሚሰማ፣ እሺ የሚል፣ የሚታዘዝ ሆነ። ፎርማኑ በሳቅ ፈነዳ። «ጋሼ፣ እውነቱን አወጡት!» አለ።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና» በዓልም ነው፣ ያልደረሰም ነው፤ «አለ» መኖርም ነው፣ መናገርም ነው። ጠረጴዛ ላይ አንባቢ ከአገባቡ ይለየዋል፤ መድረክ ላይ ግን ብርሃን ዓይን ውስጥ እየገባ፣ ጉልበት እየተንቀጠቀጠ የሚያነብ ሰው ምላሱ መጀመሪያ የመጣለትን ይላል። ከቃላት መካከል እንደ ይሰማል፣ ይመታል፣ ይበላል፣ ይነካል ያሉት ይበልጥ ያጠምዳሉ፤ አድራጊውና ተደራጊው በአንድ ፊደል ይጻፋሉና። ምልክት ልናደርግበት ብለን ሞከርን፤ ጋሼ ምልክቱን ረሱት። መፍትሔው ቃሉን መተው ነው። «ልጆቹ ሲናገሩ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ» ብለን ቀየርነው። ከመጀመሪያው የተሻለ ሆነ፤ ፎርማኑም «ይሄስ እውነት ነው» ብሎ መሰከረ።

አሁን ምስጢር። ደንበኛዬ የሚፈራው ጽሑፉ እንዳይሰረቅ አይደለም፤ «አጻፈ» እንዳይባል ነው። ሐዋሳ ደግሞ ትንሽ ከተማ ነች፤ አሞራ ገደል የተበላ ዓሣ ማታ ፒያሳ ላይ ይወራል። ለዚህ ነው ከማንም ጋር አንድ ገጽ የምስጢር ውል የምፈራረመው፤ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የሚያውቁት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በስም ይጻፋል (በዚህ ሥራ ጋሼ፣ ባለቤታቸው፣ ፎርማኑ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋና እኔ)። ቅጂው መቼ እንደሚጠፋ ይጻፋል። ለሌላ ደንበኛ ናሙና ማሳየት እንደምችልና እንደማልችል ይጻፋል። አንድ ነገር ደግሞ ከውጭ ይቀራል፦ ወንጀል ለመደበቅ ወይም ለመዋሸት ጽሑፌ መሣሪያ ሲሆን ካየሁ ዝም ለማለት አልፈርምም። ከጋሼ ጋር በሁለተኛው ቅጂ መካከል ስለ ቤተሰባቸው አንድ ነገር አመለጣቸው። ምንም አላልኩም፤ ስንጨርስ ያንን ክፍል ፊታቸው አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ የነገሩኝ ከዚያ በፊት ከነገሩኝ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ምስጢር የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአፍ አይደለም፤ በፋይል ነው። አንድ ጊዜ ለሌላ ደንበኛ የጻፍኩትን ንግግር ሰውየው ለአዘጋጆቹ እንዳለ ላከው፤ አንዱ አዘጋጅ የሰነዱን መረጃ ሲከፍት `Author` በሚለው ፊት ለፊት የእኔ ስም ከነአባቴ ተቀምጧል። ኮምፒውተሬ በስሜ ስለተመዘገበ ራሱ ነው የጻፈው። ሰውየው ለአንድ ወር ስልክ አላነሣልኝም፤ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመላኬ በፊት በወርድ `File`፣ `Info`፣ `Check for Issues`፣ `Inspect Document` ብዬ የግል መረጃውን እነቅላለሁ። የአርትዖት ምልክቶቹና በጎን የተጻፉት አስተያየቶችም አብረው ይጸዳሉ፤ «እዚህ ጋ ያልቅሱ» ብለህ የጻፍከው ማስታወሻ የክብር እንግዳው እጅ ገብቶ አስበው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ደንበኛው የላክሁለትን መልእክት ፎርዋርድ ካደረገው የላኪው ስም ከላይ ይከተለዋል። ፋይሉን አውርዶ እንደ አዲስ እንዲልከው ቀድሜ አስረዳለሁ፤ ወይም አትሜ በእጁ እሰጣለሁ። ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማተም ግን የለም። በሰው ኮምፒውተር ላይ የቀረ ፋይል ከነገ ወዲያ የማን ናሙና እንደሚሆን አይታወቅም።

ምስጢር ረጅም ዕድሜ ያለው ዕዳ መሆኑን ለማየት የቴድ ሶረንሰንን ጉዳይ ማሰብ ይበቃል። ጆን ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1957 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኙበትን መጽሐፍ ራሳቸው አልጻፉትም ብሎ አንድ ጋዜጠኛ በቴሌቪዥን ተናገረ። የኬኔዲ ጠበቃ ጣቢያውን በክስ አስፈራርቶ ማስተባበያ አስነበበው፤ ረዳታቸው ሶረንሰንም የመሐላ ቃል ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የራሱ ትዝታ ግን የአብዛኞቹን ምዕራፎች የመጀመሪያ ረቂቅ የጻፈው እሱ መሆኑን አመነ። ያኔ ኬኔዲ ከሞቱ 45 ዓመት ገደማ ሆኖ ነበር። በእኔ አስተያየት ሶረንሰን ዝም ማለቱ ሙያ ነው፤ መማሉ ግን ከሙያው በላይ ነበር። የእኔ ውል ላይ «አልናገርም» ይላል እንጂ «ተጠይቄ እክዳለሁ» አይልም። ቢጠይቁኝ «ስለ ሥራዬ አላወራም» እላለሁ፤ ለሁሉም ሥራ እንደዚያ ስለምል ከመልሴ ማንም ምንም አያነብም።

እንግዲህ ስኒውን ያስቀመጠው ዋጋ። ለጋሼ የሰጠኋቸው ስሌት ይኸው፤ ቁጥሩ የእኔ ነው፣ ሌላው በራሱ ኑሮ ያስላ። ለኑሮና ለግብር በወር 40,000 ብር ያስፈልገኛል እንበል። ወር ውስጥ ደንበኛ ፍለጋ፣ ቀጠሮ መጠበቅ፣ መብራት መጥፋት ሲቀነስ የሚከፈልበት ሥራ የምሠራው 80 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሰዓቴ 500 ብር ነው። የጋሼ ንግግር የመጀመሪያ ትውውቅ 1 ሰዓት፣ ቃለ መጠይቅ 2 ሰዓት ተኩል፣ ቅጂውን መገልበጥ 8 ሰዓት፣ ከፎርማኑና ከባለቤታቸው ጋር 1 ሰዓት ተኩል፣ ረቂቅ 7 ሰዓት፣ እርማት 3 ሰዓት፣ ልምምድ 2 ሰዓት። 25 ሰዓት፤ 12,500 ብር። በሦስት ገጽ ሲካፈል ገጹ ከአራት ሺህ ብር በላይ መጣ።

«ልጄ፣ ጎረቤትሽ ስንት እንደሚያስከፍል ታውቂያለሽ?» አሉኝ፣ በአገጫቸው ግድግዳውን እያመለከቱ።

«አውቃለሁ ጋሼ። እዚያ ይዘው የሚሄዱት ያለቀ ወረቀት ነው።»

በገጽ የሚያስከፍል ጥላ ጸሐፊ ራሱን ይቀጣል። ከ12 ደቂቃ ወደ ስምንት ደቂቃ ማሳጠር ተጨማሪ ሥራ ነው፤ በገጽ ስሌት ግን ባሳጠርክ ቁጥር ይቀነስብሃል፤ ሳይታወቅህ ማስረዘም ትጀምራለህ። በሰዓት መክፈል ደግሞ ደንበኛን ያሸብራል፤ ወሬ ባወራ ቁጥር ታክሲ ሜትር የሚቆጥርበት ይመስለዋል፣ የሚያስፈልገኝ ግን ወሬው ነው። ስለዚህ ለራሴ በሰዓት አስልቼ ለእሱ አንድ ቁርጥ ዋጋ እነግረዋለሁ። በዋጋው ውስጥ ሁለት እርማት አለ፤ ሦስተኛው ይከፈልበታል። ይህን ካልጻፍክ የደንበኛው አማች፣ የአማቹ ጓደኛ፣ የድርጅቱ ጠበቃ ሁሉም አንዳንድ ቃል ይጨምራሉ።

ግማሹን ቀብድ ከቃለ መጠይቁ በፊት፣ ቀሪውን የመጨረሻውን ረቂቅ ሳስረክብ እቀበላለሁ። ከበዓሉ በኋላ አይደለም። ከበዓል በኋላ ድንኳኑም፣ ሙዚቀኛውም፣ ሥጋ ቤቱም ገንዘብ ይጠይቃል፤ የተነገረ ቃል ደግሞ የተበላ እንጀራ ነው፣ ማን ያስታውሰዋል። በዓሉ ቢሰረዝ ቀብዱ አይመለስም። ለመጽሐፍ ሲሆን ሌላ መንገድ አለ፤ ሽዋርትዝ የቅድመ ክፍያውን 500,000 ዶላርም የሽያጩን ድርሻም እኩል ተካፍሎ፣ ስሙንም ሽፋኑ ላይ አውጥቶ ነው የጻፈው። ለንግግር ግን የሚካፈሉት ሽያጭ የለም። እዚህ ያለው ስም ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተሸጧል።

ተሸጧል ስል በሕጉ ቋንቋ ልክ አይደለሁም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለት ዓይነት መብት ይለያል። የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም የማባዛት፣ የመሸጥ፣ የመተርጎሙ፣ ሥራው በትእዛዝ ከተሠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአዛዡ ነው። የሞራል መብቱ ግን የአመንጪው ነው፤ የሥራው አመንጪ እኔ ነኝ የማለት፣ ወይም ደግሞ ስምን ያለመግለጥ። ጥላ ጸሐፊ የሚያደርገው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ስሙን አይሸጥም፣ ላለመግለጥ ይመርጣል፤ ለዝምታው ደግሞ ውል ይገባል። ውሉ ላይ ይህን በግልጽ እጽፋለሁ፦ ክፍያው ሲጠናቀቅ ጽሑፉን መጠቀም፣ መቀየር፣ ማተም የደንበኛው ነው፤ ካልተጠናቀቀ አይደለም። የመጨረሻዋ ሐረግ ገንዘቤን ሁለት ጊዜ አስመልሳልኛለች።

ቃል ከአንድ አፍ ወደ ሌላ አፍ ሲሄድ ስም ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሌላ ንግግር ይከተል። መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያሰሙትን ቃል ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1976 «ዋር» ብሎ ዘፈነው፤ ግጥሙ ከሞላ ጎደል ንግግሩ ነው። የዘፈኑ ደራሲዎች ተብለው የተመዘገቡት ግን አለን ኮልና ካርልተን ባሬት ናቸው። ንጉሡ የሉበትም። ንግግሩን ያረቀቀ ካለ እሱ በሁለት ንብርብር ተቀብሯል።

ብዕሬን ለማንም የማላበድርበት ቦታ አለ። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ስለሆነ በየዓመቱ ግንቦት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ጻፊልኝ የሚል አይጠፋም፤ ገንዘቡም ከንግግር ይበልጣል። አልሠራም። መድረክ ላይ የቆመ ነጋዴን ማንም «ይህን ራስህ ጻፍከው?» ብሎ ዲግሪ አይሰጠውም፤ ተማሪውን ግን የሚመዝኑት በዚያው ነው። በጋዜጣ የሚወጣ ጽሑፍ መካከል ላይ ነው። ጋሼ ከበዓሉ በኋላ ስለ ሙያ ሥልጠና አንድ ጽሑፍ በስማቸው እንዲወጣ ፈለጉ፤ ሠራሁት፣ ግን እያንዳንዱን ገጽ ድምፅ አውጥተው አንብበው እንዲፈርሙበት አደረግኩ። አንባቢ ደውሎ «ይህን ለምን አልክ?» ቢላቸው መመለስ መቻል አለባቸው። አንድ አንቀጽ ላይ «ይሄን አላምንበትም» አሉና ወጣ። ቆንጆ አንቀጽ ነበር።

በዓሉ ቀን ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንደ ማንኛውም ተጋባዥ። ጋሼ በሲዳምኛ ሰላምታ ጀመሩ፣ እሱን የጻፈላቸው ፎርማኑ ነው። የቁም ሣጥኑ ታሪክ ላይ ሲደርሱ አዳራሹ ጸጥ አለ። «ከዚያ ወዲህ ጣውላ ሳላንኳኳ ገዝቼ አላውቅም» አሉና ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው የቆሙበትን አትሮኖስ ኳ ኳ አደረጉት። ጆሯቸውን አስጠጉ። «ይሄ እርጥብ ነው» አሉ። ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ የነበሩ እናት ክንዴን ይዘው «እንዲህ ያለ ንግግር ይወጣላቸዋል ብዬ አላውቅም ነበር» አሉኝ። እኔም አላውቅም ነበር፤ ያቺ «ይሄ እርጥብ ነው» በ720 ቃሌ ውስጥ የለችም።

ሰኞ የሒሳብ ሠራተኛዋ ክፍያውን ልትመዘግብ ደወለችልኝ። ቲን ቁጥሬን ትፈልጋለች፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ቲን የሌለው ሰው ላይ 30 በመቶ ይቀነሳል፣ እሷም እንዳይቀነስብኝ አስባልኛለች። ሰጠኋት። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ? ‹ንግግር ማስጻፊያ› ካልኩ መዝገቡን የሚያይ ሁሉ…» አለች።

«‹የጽሑፍ አገልግሎት› በይው።»

«ስንት ገጽ ልበል?» አለች።